አራቱ ኮከቦች

በየወሩ መጨረሻ የሚመጣው መልእክት ያን ወር አልመጣም። «ውድ ደንበኛችን፣ የአገልግሎት ጊዜዎ ሊያበቃ ነው» የሚለው፣ እናትየዋ መዓት የመጣ ይመስል እየጮኸች ለባሏ የምታነብለት መልእክት። ስልኳ ዝም አለ፤ እሷም ዝም ማለቱን ልብ አላለችውም። ሰው የሚደነግጠው በመጣ ነገር ነው እንጂ ባልመጣ ነገር ማን ይደነግጣል? ቴሌቪዥኑ ይሠራል፣ ባሏ ከፍሏል፣ አለቀ። ነገሩ የታወሳት በኋላ፣ ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ነው።

እናትየዋ የምትሠራው በአንድ ሆስፒታል የስፌት ክፍል ነው። አንሶላና የትራስ ልብስ፣ የሐኪም ጋውንም በሚሰፋበት በዚያ ረጅም ክፍል ውስጥ የመቁረጫው ጠረጴዛ የእሷ ነበር። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ተደራርቦ እንደ ፍራሽ ሲወፍር፣ በኤሌክትሪክ መቁረጫ ከዳር እስከ ዳር የምትሰነጥቀው እሷ ናት። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተዘናጋ ሰው ወይ ጨርቁን ያበላሻል ወይ ጣቱን ይሰጣል። እሷ ተዘናግታ አታውቅም። ሰው የሚዘናጋው ልቡ ሲያርፍ ነው፤ የእሷ ልብ ደግሞ መቼ አርፎ ያውቃል?

የሥራ ጓደኞቿ «እትዬ ምናልባት» ይሏታል። አፏን ስትከፍት የመጀመሪያው ቃል እሱ ነውና። ምናልባት ቧንቧው ቢፈነዳስ፣ ምናልባት የትምህርት ቤቱ መኪና ፍሬን ባይኖረውስ፣ ምናልባት ያ ሳል ሳል ብቻ ባይሆንስ። «እትዬ ምናልባት፣ ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል» ሲሏት «ምነው እንዲህ ጠራ?» ብላ ቀና የምትል ሴት ናት። ይስቁባታል፤ ግን ቁልፍ የጠፋበት፣ ቀጠሮ የረሳ፣ መጠን የተምታታበት ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። የምትፈራ ሴት አትረሳም።

እንቅልፍ የሚነሳት ፍርሃት ግን አንድ ብቻ ነበር። እናቷ በስተርጅና አእምሮዋን አጥታ ነው የሞተችው። መጀመሪያ ምድጃ ላይ ድስት ረሳች፤ ቀጥሎ የቤቷን መንገድ፤ በመጨረሻም ልጇን ትኩር ብላ አየችና «የኔ እመቤት፣ አንቺ የማን ነሽ?» አለቻት። ከቀብሩ ሲመለሱ እሷ የባሏን እጅ ይዛ አንድ ነገር አስምላዋለች።

«እኔም ስጀምር ንገረኝ። ሰው ሳያውቅብኝ፣ መሳቂያ ሳልሆን፣ አንተ ቀድመህ ንገረኝ። እንዳትደብቀኝ።»

«እሺ፣ የኔ እናት። እኔ ነኝ የምነግርሽ» ብሎ ነበር።

ባሏ የዳቦ መኪና ሹፌር ነው። ሰው ሁሉ የሚወደው፣ ለማንም «እምቢ» ማለት የማይሆንለት ሰው። ባለሱቅ ሁለት ሣጥን ጨምርልኝ ሲለው ከሌላው ቀንሶ ይጨምርለታል፤ ያኛው ሲቆጣ ደግሞ ይስቅለታል። ለልጆቹማ ልቡ ቅቤ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሪሲቨር፣ ልጆች ማየት የሌለባቸውን ጣቢያዎች በሚስጥር ቁጥር እንደሚቆልፍ ስታውቅ፣ ቁጥሩን ያወጣችው ብቻዋን ነው፤ ለእሱም አልነገረችውም። «አንተ ዘንድ ያደረ ሚስጥር ጠዋት ቁርስ ላይ ይቀርባል» አለችው። ሳቀ። ቅር ያለው አልመሰላትም።

ነገሩ የጀመረው በሚጢ ነው። ሚጢ ትንሿ ልጅ ናት፤ የፊት ጥርሶቿ ገና የወለቁ። አንድ ጠዋት እናቷ ጫማዋን ስታስርላት እግሯን ወደ ኋላ ሳበችና ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ ፊት የሌለው ሰውዬ አልጋ ሥር መግባት ይችላል?»

«የምን ፊት የሌለው ሰውዬ?»

«ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው። ሴትየዋን በፀጉሯ የጎተታት።»

ትልቋ ልጅ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ዳቦዋን ታኝክ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ሰው ሁሉ እንደሚሆነው ሁሉ ነገር የሰለቻት መስላ። «ሕልም አይታ ነው» አለች ቀና ሳትል።

ያን ቀን ማታ እናትየዋ ሪሞቱን አንስታ ወደ ፊልሙ ጣቢያ ሄደች። እንደ ቆለፈችው ነው፤ ጥቁር ማያ ላይ የቁልፍ ምልክቱና አራት ባዶ ቦታ። እፎይ አለች። ግን ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ነውና፣ ገብታ ሌሎቹንም ጣቢያዎች ልትቆልፋቸው ቁጥሯን ጫነች። አራት ኮከቦች ተደረደሩ። «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» አለ።

ጣቷ ስቷት ይሆናል ብላ ቀስ አድርጋ ደገመችው። ትክክል አይደለም። ሦስተኛ ጊዜ አንድ በአንድ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጫነችው። ሪሲቨሩ ለጥቂት ደቂቃዎች ቁጥር መቀበል ማቆሙን ነገራት።

«ምነው?» አለ ባሏ፣ ጫማውን እያወለቀ።

«ቁጥሬ እምቢ አለኝ።»

«ሌላ ቁጥር ይሆናላ።»

«ሌላ ቁጥር የለኝም! እኔ የማውቀው አንድ ነው። ደግሞ ሚጢ ፊልሙን አይታዋለች። ተቆልፎ እንዴት አየችው?» ቆመች። ሐሳቧ በራሱ መንገድ ሮጦ ከፍርሃቷ ደጃፍ ደረሰ። «ከፍቼው ሄጄ ነበር ማለት ነው። ከፍቼ ትቼው፣ ተመልሼ በሌላ ቁጥር ቆልፌው... ሁለቱንም ረስቼዋለሁ።»

ባልየው አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ትልቋ ልጅ ስልኳ ላይ ማንሸራተቷን አቆመች። ከዚያ ባልየው ጉሮሮውን ጠረገና፣ ረጋ ባለ፣ የሚያሳዝን በሚመስል ድምፅ ተናገረ።

«አንቺ ራስሽ አይደለሽም፣ 'ስጀምር ንገረኝ' ያልሽኝ?»

ሪሞቱን ሶፋው ላይ አስቀመጠችው፤ የሚሰበር ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው።

«ምን አይተሃል?» አለችው።

«ብዙም አይደለም። ትንሽ ትንሽ። ሰሞኑን ደክሞሻል። ልጆች፣ እናታችሁን እንርዳት እሺ? ዕቃ ስትረሳ አትሳቁባት።»

ሚጢ መጣችና እግሯን አቀፈቻት። ትልቋ ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ከዚያ በኋላ ያለው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። የልጆቿን ልደት፣ የእናቷን ሙት ዓመት፣ የቤት ቁጥር፣ የመታወቂያዋን መጨረሻ፣ በልቧ የመጣውን ሁሉ ሞከረች። ሦስት ስትሳሳት ይዘጋል፤ ትጠብቃለች፤ ሲከፈት እንደገና ትሳሳታለች። እያንዳንዱ «ትክክል አይደለም» ስለ ሪሲቨሩ መሆኑ ቀርቶ ስለ እሷ የሚነገር ፍርድ ሆነ።

ከመንገዱ ማዶ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው አለ፤ ሰፈሩ «ሽቦ» ይለዋል። ቀጭን ስለሆነ ይሁን ኪሱ ሁልጊዜ ሽቦ ስለሚሞላ አይታወቅም። እሱን አስመጣችው።

«እትዬ፣ ይሄማ የልጅ ሥራ ነው» አለ ሽቦ እጁን እያሻሸ። «መጀመሪያ ከፋብሪካ የሚመጣበት ቁጥር አለ፤ አራት ዜሮ። ብዙ ሰው አይቀይረውም።»

«እኔ ቀይሬዋለሁ።»

«አውቃለሁ፣ አንቺ ትቀይሪያለሽ። አንቺ የበርሽን ቁልፍም በየወሩ ትቀይሪያለሽ።» አራት ዜሮ ጫነ። እምቢ አለ። «እሺ። እንግዲያው ሁሉንም እናጥፋውና እንደ አዲስ ይነሳ። 'ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መልስ' የሚል እዚህ ውስጥ አለ... ይኸው!» ጫነው። ማያው ላይ አራት ባዶ ቦታ ወጣ። ይህንንም ለማድረግ የሚስጥር ቁጥሩን ይጠይቃል።

ሽቦ ጭንቅላቱን አከከ። «ብልህ ነው ሌባው» አለ ሪሲቨሩን። «ልጆች እንዲህ ብለው እንዳያልፉት ነው።»

«ሌላ መንገድ የለውም? ኢንተርኔት ላይ ሁሉን የሚከፍት ቁጥር አለ ይላሉ።»

«እትዬ፣ ሁሉን የሚከፍት ቁጥር ቢኖር ቁልፍ ምን ይሠራል? ያ ወሬ ነው። ሶፍትዌሩን ገልብጬ ልጭንብሽ እችል ይሆናል፤ ከዚያ ሪሲቨሩ ውስጡ ያለውን የድርጅቱን ካርድ አላውቅህም ቢለኝ ግን አንቺም ታለቅሻለሽ እኔም አለቅሳለሁ። የሳተላይት ቴሌቪዥን ድርጅቱ ደንበኛ ነሽ፣ በስምሽ ነው፤ ለእነሱ ደውዪ። ከእነሱ ዘንድ በሳተላይቱ በኩል ትእዛዝ ይልኩና ቁጥሩን ብቻ ወደ መጀመሪያው ይመልሱታል። ሌላው ነገርሽ አይነካም።»

ደወለች። መስመሩ ላይ ያለው ወጣት ትሑት ነበር፤ ስሟንና ከሪሲቨሩ ሥር የተለጠፈውን ቁጥር ጠየቃት። ተንበርክካ አነበበችለት። ከዚያ መዝገቡን አየና፣ «እናቴ፣ የሚደውሉበት ስልክ በመዝገባችን ላይ ያለው አይደለም። በተመዘገበው ስልክ ይደውሉ፤ ካልሆነም መታወቂያዎን ይዘው ቅርንጫፍ ይምጡ» አላት።

«እኔ እኮ ሌላ ስልክ የለኝም።»

«ምናልባት ረስተውት ይሆናል።»

ምናልባት። የራሷ ቃል ዞሮ ፊቷን በጥፊ መታት። የትኛውን ስልክ ነው ያስመዘገበችው? መቼ? እናቷም እንዲህ ነበር የጀመራት፤ ያላደረገችውን ያደረገች፣ ያደረገችውን ያላደረገች እየመሰላት።

በማግሥቱ የስፌት ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ገባች። ኃላፊዋ ጠና ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ሴት ናት።

«ከመቁረጫው አንሺኝ» አለቻት።

«ምን አልሽ?»

«እረሳለሁ። ቤት ውስጥ ጀምሮኛል። አንድ ቀን እጄን ወይም የሰው እጅ ከመቁረጤ በፊት አንሺኝ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ አንሶላ አጥፋለሁ፣ የሰጠሽኝን እሠራለሁ።»

«እትዬ ምናልባት፣ አንቺ ብትረሺ እኛ ማን ልንባል ነው?»

«ሙች፣ አልቀለድኩም።»

ኃላፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ከሰዓት በኋላ መቁረጫው ለአንዲት ወጣት ተሰጠ፤ እናትየዋ ራሷ አሠለጠነቻት፤ ክንዷን ይዛ፣ የትንፋሿን ልክ ሳይቀር እያስተማረች። ማታ ቤት ገብታ ባሏ አጠገብ ቆማ ለነርቭ ሐኪም በስልክ ቀጠሮ አስያዘች። ስሟን ስትናገር፣ «የእናትዎ ሕመም ምን ነበር?» ሲሏት ድምፅዋ ሲሰበር፣ እሱ እዚያው ተቀምጦ የሞቀ ሻዩን ይነፋ ነበር። ስልኩን ስትዘጋ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ። «አይዞሽ» አላት። ያ «አይዞሽ» ሞቅ አድርጓት አደረ።

ቅርንጫፉ የሄደችው በዕረፍት ቀኗ ነው። የመስታወቱ በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል፤ አንዱ ካርድ ሊለውጥ፣ ሌላው ሪሲቨሩን እንደ ታመመ ሕፃን አቅፎ መጥቷል። አጠገቧ ተራ የያዘች ሴት ስልኳ ጮኸና አነበበች፤ «ውድ ደንበኛችን... አይ፣ እዚሁ እነሱ ቤት ቁጭ ብዬም አይለቁኝም!» ሰዎች ሳቁ። እናትየዋ አልሳቀችም። የእኔስ? አለች በልቧ። የእኔ መልእክት መቼ ነው የመጣው?

ተራዋ ደረሰ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ መታወቂያዋን ተቀብላ፣ ፊቷን ከፎቶው ጋር አስተያይታ፣ የሪሲቨሩን ቁጥር አስገባች።

«በስምዎ ነው፣ እናት። ምን ልታዘዝ?»

«የልጆች መቆለፊያውን ቁጥር ረሳሁት። አእምሮዬ... ረሳሁት።»

«ቀላል ነው። ቤት ሆነው ሪሲቨሩን አብርተው አንድ ጣቢያ ላይ ይተዉታል፣ ይደውሉልናል፣ ትእዛዙን እንልካለን። እንዳያጠፉት ብቻ። ቁጥሩ ወደ አራት ዜሮ ይመለሳል፤ አራት ዜሮን ግን አገር ሁሉ ያውቀዋልና ወዲያው ይቀይሩት።» ጣቷ ማውሱ ላይ ቆመ። «ግን እኮ በቅርቡ አድርገንልዎታል።»

«ምኑን?»

«ይሄንኑ። ቁጥሩ እንዲመለስ ተጠይቆ ትእዛዙ ተልኳል፤ ደርሷልም ይላል። ማክሰኞ ዕለት። የተመዘገበው ስልክ ነው የጠየቀው።»

ማክሰኞ እናትየዋ የማታ ፈረቃ ላይ ነበረች።

«የተመዘገበው ስልክ የትኛው ነው?»

«ሙሉውን ማየት አልችልም፤ መጨረሻው ይኸውልዎት።» አራቱን ቁጥሮች አነበበችላት።

እናትየዋ እነዚያን አራት ቁጥሮች ታውቃቸዋለች። ልጅ በታመመባት፣ መብራት በጠፋባት፣ መኪና በዘገየባት ቁጥር ጣቶቿ ሳያዩ የሚጫኗቸው ቁጥሮች ናቸው።

«ያ የእኔ ስልክ አይደለም» አለች። «እንዴት ሊቀየር ቻለ?»

«ስልክ ሲቀየር በቀድሞው ስልክ የማረጋገጫ ቁጥር እንልካለን። ያንን ያስገባ ሰው ነው የሚቀይረው። እርስዎ ዘንድ መጥቶ ነበር።»

ስልኳን አወጣች። የመልእክቶቹን ዝርዝር ወደ ኋላ አገላበጠች። አገኘችው። ባሏ ከሥራ ደውሎላት ነበር፤ እሷ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፣ ዓይኗ ያነባ ነበር። «አንድ ቁጥር ስልክሽ ላይ ይመጣል፤ ልከፍል ነው፣ አንብቢልኝ» አላት። ቢላዋውን ሳታስቀምጥ በሌላው እጇ ከፍታ ስድስቱን ቁጥሮች አነበበችለት። ከቁጥሩ በላይ ያለውን መስመር አላየችውም። አሁን አየችው፦ «የተመዘገበ ስልክዎን ለመቀየር የማረጋገጫ ቁጥርዎ። ለማንም አይስጡ።»

ለማንም። ልጆቿን ስንት ጊዜ መክራለች! በስልክ ቁጥር ንገሩኝ የሚል ሁሉ ሌባ ነው ብላ፣ ትልቋን እስኪሰለቻት ድረስ ነዝንዛለች። ባል ግን «ማንም» ነው እንዴ?

«እናት፣ ውሃ ልስጥዎት?» አለች ሠራተኛዋ።

«አልረሳሁም» አለች እናትየዋ።

«እ?»

«ቁጥሬን አልረሳሁም። ትክክል ነበርኩ።»

ደስታ መሆን ነበረበት። ለአንድ አፍታም ሆነ፤ ደረቷ ውስጥ አንድ ትልቅ ድንጋይ ተንከባለለ። ግን ድንጋዩ ወደ ውጪ አልወጣም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ።

ሠራተኛዋ በመታወቂያው መሠረት የተመዘገበውን ስልክ ወደ እሷ ቁጥር መለሰችላት። መመለሱን የሚናገር መልእክት እዚያው ቆማ ደረሳት፤ ይህን ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ደግሞም እናት» አለች ሠራተኛዋ፣ ይህን ለብዙ ሰው የምትል መሆኗ ያስታውቃል፣ «አዲሱ ቁጥር ልደት ወይም የስልክ መጨረሻ አይሁን፤ ልጆች መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው። ሲጫኑም ከልለው ይጫኑ። እንዳይረሳ ደግሞ ቤት ውስጥ ለሌላ አንድ አዋቂ ይንገሩት።»

«ቤቴ ውስጥ ከእኔ በቀር አዋቂ ያለ አይመስለኝም» አለች።

ማታ ስትገባ ሁሉም ሳሎን ነበሩ። ሚጢ ካርቱን ታያለች፤ ባልየው ካልሲውን አውልቆ ሶፋው ላይ ተዘርግቷል፤ ትልቋ ምንጣፉ ላይ ስልኳን ታቅፋ ተቀምጣለች። እናትየዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሪሞቱን አነሳች።

«እማዬ! እያየሁ ነው!» አለች ሚጢ።

«አንድ ጊዜ፣ ሚጢዬ።» ወደ ፊልሙ ጣቢያ ሄደች። የቁልፍ ምልክቱ ወጣ። ሪሞቱን ከፍ አድርጋ፣ ሁሉም እንዲያያት፣ ሠራተኛዋ «አይሁን» ያለችውን ዓይነት ቁጥር፣ የባሏን ስልክ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች፣ አንድ በአንድ ጫነች።

አራት ኮከቦች። ተከፈተ። ፊት የሌለው ሰውዬም ሆነ ጩኸት አልነበረም፤ አንዲት ሴት በሳሙና አረፋ ውስጥ ሸሚዝ እያጠበች ትዘፍን ነበር። ማስታወቂያ።

ባልየው ተነስቶ ተቀመጠ። ትልቋ ፊቷን በጉልበቷ ቀበረች።

«ልነግርሽ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«ዛሬ ነገ ስል... ልጅቷ አለቀሰችብኝ። ጓደኞቿ ሁሉ የሚያዩት ተከታታይ ነው፣ እሷ ብቻ ስትቀር ያላግጡባታል። አንቺን ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ፣ ትጣያለሽ። ማንንም ሳላስቀይም ልጨርሰው ነበር። ቁጥሩን ትነኪዋለሽ ብዬም አላሰብኩም።»

«ስነካውስ?»

ካልሲውን ከሶፋው ላይ አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«ቁጥሬ እምቢ ሲለኝ ጫማህን እያወለቅክ ነበር። ያኔ 'እኔ ነኝ' ብትል ተጣልተን እንታረቅ ነበር። አንተ ግን እናቴን ከመቃብር አውጥተህ ፊቴ አቆምክብኝ።»

«ከአፌ ወጣ። አንዴ ከወጣ በኋላ እንዴት ልመልሰው?»

«ሐኪም ቤት ስደውል አጠገቤ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ሻይህን ትነፋ ነበር። 'አይዞሽ' አልከኝ። እኔ ያን 'አይዞሽ' ይዤ ተኛሁ!» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ወዲያው ሚጢን አይታ አወረደችው። «መቁረጫዬን ሰጥቼ መጣሁ። ዛሬ ከቅርንጫፉ ለኃላፊዋ ደወልኩላት፤ 'ልጅቷ ለምዳለች፣ ቦታ ሲገኝ እናያለን' አለችኝ። ሰዎቹ ሁሉ ስናገር አፌን እያዩ ነው፤ መቼ ትቀባዥራለች ብለው።»

«እማዬ» አለች ትልቋ፣ ከጉልበቷ መሃል። «እኔ ልነግርሽ ነበር። ሐኪም ስትዪ ፈራሁ። አባዬን 'እንንገራት' አልኩት። 'ቆይ፣ እኔ በዘዴ እነግራታለሁ' አለኝ። ሚጢም ተኝታለች ብዬ ነው፤ ከኋላዬ ቆማ ስታይ አላየኋትም።»

«እንግዲያው የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ» አለች እናትየዋ። «አስቂኝ ነው። ለሁሉም ነገር 'ምናልባት' ስል፣ ቤቱ ይቃጠላል፣ ሌባ ይገባል፣ ጎርፍ ይመጣል ስል፣ አንተን አንድ ቀን ምናልባት ብዬህ አላውቅም።»

ባልየው እጁን ዘረጋ። አልያዘችውም።

«አንድ ነገር ታደርግልኛለህ» አለችው። «በእነሱ ፊት 'እናታችሁ ትረሳለች' ብለሃል። በእነሱ ፊት መልሰው።»

«ልጆቹን ከዚህ ውስጥ አናግባቸው እንጂ...»

«ስታስገባቸው የት ነበርክ?»

ለማንም እምቢ የማይል ሰው፣ ይህን ማለት ግን እንደ ድንጋይ ከበደው። «እናታችሁ ምንም አልረሳችም» አለ በመጨረሻ። «ቁጥሩን እኔ ነኝ የቀየርኩት። እያወቅኩ ዋሸኋት።»

ሚጢ አንዱን አንዱን አየች። «ስለዚህ እማዬ ስሜን አትረሳም?»

ማንም ያልመለሰላት ጥያቄ ነበር፤ ለካስ ልጅቷም ይህን ይዛ ስትተኛ ነበር። እናትየዋ አንስታ አቀፈቻት፤ ባልየው ያን ጊዜ ነው እንባው የመጣው። እሷ አላየችውም። ልታየው አልፈለገችም።

ሚጢን አስቀምጣ ወደ ሪሲቨሩ ተመለሰች። የድርጅቱን ትእዛዝ መጠበቅ አላስፈለጋትም፤ የአሁኑን ቁጥር አውቃዋለችና በእሱ ገብታ፣ ጀርባዋን ለሁሉም ሰጥታ፣ አዲስ ቁጥር ጻፈች፤ የማንም ልደት ያልሆነ፣ የማንም ስልክ ያልሆነ። ደግማ ጻፈችው። ተቀበላት። ከዚያ የዕድሜ ገደቡንና የተቆለፉትን ጣቢያዎች አንድ በአንድ አየች፤ ከአንዱ ወጥታ ሌላው ውስጥ ገባች፤ እያንዳንዱ ላይ አራት ባዶ ቦታ እስኪመጣ።

«ለእኔስ አትነግሪኝም?» አለ ባልየው በቀስታ።

«ለእህቴ እነግራታለሁ። አንድ አዋቂ ይወቀው ተብያለሁ።»

ትልቋ ተነሳች። «ያን ተከታታይ ብጠይቅሽ... እምቢ ትይኝ ነበር አይደል?»

«አዎ» አለች እናቷ። አልዋሸቻትም። «ታለቅሻለሽ፣ ትሰድቢኛለሽ፣ በሩን ታላትሚያለሽ። እሱን እችለዋለሁ። ምናልባትም አንድ ቀን 'ነይ አብረን እንየው' እልሽ ነበር።»

ልጅቷ ልትጠጋት ፈለገች፣ እንዴት እንደሆነ ግን አላወቀችበትም። ሚጢን እጇን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ወሰደቻት። አልጋው ሥር ማንም እንደሌለ አብረው ሲያዩ ድምፃቸው ይሰማል።

ባልየው ብርድ ልብስ አምጥቶ ሶፋው ላይ ዘረጋ። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልከለከለውም። እናትየዋ የኩሽናውን መብራት አጠፋችና ወደ ውጪው በር ሄደች።

«እኔ ልቆልፈው» አለ ከሶፋው ላይ።

«ተወው።»

«ነገ እኔ ራሴ ኃላፊሽ ዘንድ ሄጄ...»

«ነገ ነገ ነው» አለችው። ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረች፤ ሁለተኛ አዞረች፤ እጀታውን ሳበች። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉን ነቅላ መዳፏ ውስጥ ይዛው መኝታ ቤቷ ገባች።